ምስሉ ቀድሞ ድምፁ ሲቀር፦ ስምንት ወር ሃንድብሬክ ከሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ጋር

ሥራዬ የስልክ አፕሊኬሽን አጠቃቀም ማስተማር ነው። የስልኬን ስክሪን እየቀዳሁ እናገራለሁ፤ ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ቆራርጬ እለቀዋለሁ። አንዱ ትምህርት ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይሄዳል። አጫጭሮቹ ላይ ችግር አይቼ አላውቅም። ረጃጅሞቹ ግን አበሳዬን አሳዩኝ። መጀመሪያው ልክ ነው፤ መሃል ላይ ትንሽ ቅር የሚል ነገር ይኖራል፤ መጨረሻው ላይ ጣቴ በተኑን ተጭኖ ሌላ ገጽ ከተከፈተ በኋላ ነው ድምፄ «አሁን ይቺን እንጫናለን» የሚለው።

መጀመሪያ ጥፋቱን በማይኩ ላይ ደፈደፍኩ። ሌላ ማይክ ገዛሁ። ያው ነው። ቀጥሎ ድምፁን ከምስሉ ለይቼ ወደ ፊት ሳብኩት። መጨረሻው ተስተካከለ፣ መጀመሪያው ተበላሸ። ድምፁን በመቶኛ ማሳጠርም ሞከርኩ፤ ሁለቱ ጫፎች ገጠሙ፣ መሃሉ ግን አልገጠመም። መፍትሔው የት እንዳለ የጠቆመኝ ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው። ስህተቱ እኩል እየጨመረ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ መሃሉም ይገጥም ነበር። አልገጠመም ማለት ስህተቱ እየዘለለ ነው የሚመጣው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፎቶ፣ ማለትም 30 ፍሬም፣ ነው ስንል፣ ስልኩ ሁልጊዜ 30 ያነሳል ማለት አይደለም። ስልክ ሲግል ወይም ከባድ አፕሊኬሽን ሲከፈት የስክሪን ቀጂው የተወሰኑ ፍሬሞችን ይዘላል። አንዳንድ ቀጂ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰ አዲስ ፍሬም አይጽፍም። ካሜራም ያው ነው፤ ክፍሉ ሲጨልም ብርሃን ለመሰብሰብ ብሎ ከ30 ወደ 24 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም የሚታይበት ሰዓት ተጽፏል። ስልኩ ላይ መልሰን ስናየው ማጫወቻው ያንን ሰዓት ስለሚያከብር ምንም ችግር አይታይም። የኔ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን የቆየ ነው። ሰዓቱን አያነብም፤ «30 ነው» ብሎ ፍሬሞቹን እኩል እኩል ይደረድራቸዋል። ፍሬም በጎደለበት ቦታ ሁሉ ምስሉ ያጥራል፣ ወደ ፊት ይሮጣል። ድምፁ ምንም ስላልጎደለው ባለበት ይቀራል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ይህን ያውቁታል። የኔን ላፕቶፕ ግን አዲስ ፕሮግራም ጫን ብትሉት ያለቅሳል።

ሃንድብሬክን የጀመርኩት ለዚህ ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ስሙ የመኪና የእጅ ፍሬን ማለት ነው። ሥራው ቪዲዮን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ መቀየር ሲሆን፣ እግረ መንገዱን የሚዘልለውን ፍሬም እኩል ያደርግልናል። ፍሬም በጎደለበት ቦታ የፊተኛውን ይደግማል፤ ከዚያ በኋላ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ቢቆጥርም ልክ ይመጣለታል።

የመጀመሪያው ወር ግን ከንቱ ነበር። ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ ሲከፈት የሚመጣውን Fast 1080p30 ሳልነካ Start አልኩት። ወጣ፤ ኤዲቲንግ ውስጥ አስገባሁት፤ ድምፁ አሁንም አይገጥምም። «ይሄም አይረባም» ብዬ ልሰርዘው ነበር። ያዳነኝ Video የሚለውን ገጽ ከፍቼ በደንብ ማየቴ ነው። እዚያ ላይ የተመረጠው Peak Framerate ነው። ይህ ማለት «ከ30 አትለፍ» ማለት ብቻ ነው፤ ከ30 በታች የሆነውን እንዳለ ይተወዋል። መመረጥ ያለበት Constant Framerate ነው። በአጠገቡ ያለው Framerate (FPS) ደግሞ Same as source ላይ መቅረት የለበትም። እዚያ ከተተወ የፋይሉን አማካይ ወስዶ 29.93 የመሰለ ከማንም ፕሮጀክት ጋር የማይስማማ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። እኔ 30 ብዬ በእጄ እመርጣለሁ፤ የኤዲቲንግ ፕሮጀክቴም 30 ነው። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። አንዱ 30 ሌላው 29.97 ሆኖ ፕሮግራሙ በቁጥር ብቻ ቢደረድረው፣ በ1 ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ልዩነት ይመጣል።

አንድ ትምህርቴን በቁጥር ላሳያችሁ። ልክ 52 ደቂቃ ነው፣ 3,120 ሰከንድ። ሚዲያኢንፎ በሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩት። Frame rate mode የሚለው ፊት ለፊት Variable ይላል፤ በሽታው ይህ ነው። አማካዩ 29.930 ነው፣ የፍሬሞቹ ብዛት 93,382። በሰከንድ 30 ቢሆን ኖሮ 93,600 መሆን ነበረበት። ስለዚህ 218 ፍሬም ጎድሏል። 218 ለ30 ሲካፈል 7.27 ሰከንድ ይመጣል። መጨረሻው ላይ ምስሉ ድምፁን የሚቀድመውም በ7 ሰከንድ ገደማ ነበር። ቁጥሩ ሲገጥምልኝ የተሰማኝን ደስታ ለሚስቴ ባስረዳት አልገባትም። እስከ 15ኛው ደቂቃ ድረስ ልዩነቱ የለም ማለት ይቻላል። የካርታ አፕሊኬሽን የከፈትኩበት ቦታ ላይ ግን በአንዴ 3 ሰከንድ ዘለለ። ድምፁን በመቶኛ ማሳጠር ያልሠራው ለዚህ ነው።

በሃንድብሬክ ካለፈ በኋላ ሚዲያኢንፎ Constant አለ፣ ፍሬሞቹም 93,600 ሆኑ። ኤዲቲንግ ውስጥ ሳስገባው እስከ መጨረሻው ሰከንድ ገጠመ።

ዋጋ አለው ታዲያ። መቀየር ማለት ቪዲዮውን እንደገና መጭመቅ ነው፤ ጥራት ትንሽ ይነካል። እኔ Constant Quality የሚለውን RF 18 ላይ አደርገዋለሁ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይወፍራል። በ18 ላይ የስክሪን ጽሑፍ ሲደበዝዝ አላየሁም። ያ የ52 ደቂቃ ትምህርት በኔ አሮጌ ላፕቶፕ 40 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ስለዚህ ቪዲዮዎቹን በወረፋ አስገብቼ እተኛለሁ።

መብራት እዚህ ላይ ነው የሚገባው። MP4 እየተጻፈ መሃል ላይ ላፕቶፑ ከጠፋ ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም፤ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ። የባትሪዬ ዕድሜ 25 ደቂቃ ነው። ሁለት ሌሊት እንዲህ ባከነብኝ። አሁን ረጅሙን ቪዲዮ በ20 ደቂቃ ልዩነት ከፋፍዬ ነው ወረፋ የማስገባው። በሃንድብሬክ Range የሚለው ላይ Seconds መርጦ ከስንት እስከ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ መጻፍ ይቻላል። ቢቋረጥ አንዱ ቁራጭ ነው የሚበላሸው።

ሌላ ዘግይቼ ያወቅሁት ነገር አለ። የተቀየረው ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ወደ ኋላ ስጎትተው ይንተባተብ ነበር። በዋና ፍሬሞቹ፣ ማለትም ሙሉ ምስሉን በያዙት፣ መካከል ያለው ርቀት እስከ 10 ሰከንድ ስለሚደርስ ነው። Video ገጽ ግርጌ ተጨማሪ አማራጭ በሚጻፍበት ሳጥን keyint=30 ብዬ ጻፍኩ። ያኔ በየሰከንዱ አንድ ዋና ፍሬም ይኖራል። ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል፣ መጎተቱ ግን ቅቤ ሆነ።

መስኮትና በተን ለማይወዱ፣ ያንኑ ሥራ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል በጽሑፍ በሚታዘዝ ፕሮግራም በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል፦

```
ffmpeg -i timhirt.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a aac -b:a 192k timhirt_30.mp4
```

ከስክሪኑ ሌላ በስልክ ካሜራ ቃለ መጠይቅ እቀርጻለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ፣ በአንድ አምፖል። እዚያም ሃንድብሬክ ሠርቶልኛል። ግን ከምንጩ መድፈን ይሻላል። በአንዳንድ ስልኮች የካሜራ ሴቲንግ ውስጥ Auto FPS የሚል አለ፤ እሱን ማጥፋትና ሁለተኛ መብራት ማብራት ልዩነቱን በጣም ይቀንሰዋል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ እኔ አሁንም እቀይራለሁ።

የማይሠራበትም አለ። አንድ የቤተሰብ ጉባኤ 100 ደቂቃ ቀረጽኩ፣ ምስሉን በስልክ፣ ድምፁን በተለየ መቅጃ። ምስሉን ቀየርኩት፣ Constant ሆነ። ይሁንና መጨረሻ ላይ ድምፁ ወደ ግማሽ ሰከንድ፣ በትክክል 0.4 ሰከንድ፣ ዘገየ። እዚህ ፍሬም አይደለም የጎደለው። ሁለቱ ዕቃዎች ሁለት ሰዓት አላቸው፤ የአንዱ ሰዓት ከሌላው በጥቂቱ ይዘገያል። ለመለየት ቀላል ነው፦ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እንዲሁም መሃል ላይ አጨበጭባለሁ። መሃሉ ላይ ልዩነቱ የመጨረሻው ግማሽ ከሆነ የሰዓት ጉዳይ ነው። እዚህ 0.2 ሆኖ ተገኘ። ይህን ሃንድብሬክ አያውቀውም፣ ማወቅም አይችልም። በየ20 ደቂቃው ሰው ዝም ያለበት ቦታ ላይ ድምፁን ቆርጬ በ0.08 ሰከንድ ወደ ፊት ሳብኩት። ማንም አላወቀም።

ሌላው አቅመ ቢስ የሆነበት ጉዳይ የጓደኛዬ ነው። የሠርጓን ቪዲዮ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ላይ ከንፈርና ድምፅ አይገናኝም። ሚዲያኢንፎ ላይ ሳየው Constant ይላል፣ ፍሬሙም ሙሉ ነው። የቀረጸላት ልጅ የሚዘልለውን ፋይል እንዳለ ቆርጦ፣ ከነስህተቱ አውጥቶታል። ስህተቱ አንዴ ከተጋገረ በኋላ የፍሬሞቹ እውነተኛ ሰዓት ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ሃንድብሬክ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ከስልኩ የወጣውን ዋናውን ፋይል እንድትጠይቀው ነገርኳት። ልጁ ስልኩ ሞልቶበት አጥፍቶታል። ምርቃቱን በየዓረፍተ ነገሩ እየቆረጥኩ በእጄ አስማማሁላት። 11 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።