ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ ቤት በሌዘር የምታስለኩ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን ልጅ አናግሩት

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ከምስጋናው በፊት ግን ትንሽ ምሬት አለብኝ። እሱን ካላወጣሁት ልቤ አያርፍም።

ደሴ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ አንድ አሮጌ ግቢ አለ። እኔ የጠባቂ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። የግቢውን ስም ኮሚቴው ሳይስማማ አልጽፍም። ዋናው ቤት ትልቅ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ልስኑ ኖራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግድግዳው ላይ ይተኛል። የሰሜኑ ግድግዳ ወደ ውጭ ማዘንበሉ በዓይን ይታያል። አንድ ተቋራጭ ገና ከበሩ ሳይርቅ "ይህማ ፈርሶ እንደገና ይሠራ" አለን። ቅርስ እንደ አጥር አይፈርስም። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ ይለካ ተባለ፤ ሌዘር ስካን የሚሠራ ድርጅትም ተገኘ። ስሙን አላነሳም።

የነገሩን ነገር ደስ ይል ነበር። ማሽኑ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ቤቱን በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ነጥቦች ይለካል። ከዚያ ነጥቦቹ ወደ ሞዴል ይቀየራሉ። ሞዴሉ ሥዕል ብቻ አይደለም። ግድግዳው ግድግዳ፣ መስኮቱ መስኮት ሆኖ ይመዘገባል። አንዱን ስትነኩት ከምን እንደተሠራና መቼ እንደታደሰ ይነግራችኋል። ልጆቻችሁም የልጅ ልጆቻችሁም ከዚህ እያዩ ይጠግናሉ አሉን።

መጡና በበዓል ሰሞን፣ ሰው ሲወጣ ሲገባ ለክተው ሄዱ። ቆይተው ፍላሽ ላኩልን። ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ ነበረው። ኮሚቴው አጨበጨበ።

ከዚያ ከሞዴሉ ላይ ርዝመት ወስደን ለጣሪያው አግዳሚ እንጨት አዘዝን። እንጨቱ በአዳራሹ አንድ ጫፍ ልክ ሆነ። ወደ ሌላው ጫፍ በሄድን ቁጥር ግን እያጠረ መጣ። መጨረሻው ላይ 14 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። የእንጨት ዋጋ ደግሞ ዛሬ ስንት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

ለካ አዳራሹ ወደ አንዱ ጫፍ ሰፋ ይላል። የሞዴል ሶፍትዌር ግድግዳን ቀጥ አድርጎ፣ ከታች እስከ ላይ ውፍረቱን እኩል አድርጎ መሳል ይቀናዋል። የሚሠራው ሰው እጁን ካልያዘው ቤቱን ሁሉ ያቃናዋል። የእኛ ግድግዳ ከታች 72፣ ከላይ 55 ሴንቲ ሜትር ነው። በእነሱ ሞዴል ዙሪያውን 60 ሆኖ ተስሏል። ያ የሚያስፈራን የሰሜን ግድግዳ እንኳን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል! እኛ ያስለካነው ማዘንበሉን ለማወቅ ነበር።

ሳቁም ለቅሶውም አብሮ የመጣው በሩ አጠገብ አንዲት አጭር ምሰሶ ስናይ ነው። እዚያ ምሰሶ ኖሮ አያውቅም። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ዘበኛችን ነው። ስካኑ ላይ ነጥቦቹ ቀርተው፣ ሞዴሉን የሠራው ሰው ምሰሶ አደረገው። ሠሪው ቤታችንን አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም ማለት ነው።

ደወልን። "ጥሬውን ስካን ስጡን፣ ሌላ ሰው ያስተካክለው" አልን። ፋይሉ ተሰርዟል፣ እንደገና ይለካ ከተባለ አዲስ ክፍያ ነው አሉን። ከዚህ በላይ ብናገር ምላሴን አልገታውም፤ ይብቃኝ።

አሁን ወደ ልጁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ለምኖኛል፤ ኢንቦክስ ለሚጠይቀኝ ግን እሰጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ማሽን አልያዘም። ሽማግሌውን አናጢያችንን ፈልጎ ግቢውን አብረው ዞሩ። "አባባ፣ ይህን እንጨት ማን ቀየረው? በየትኛው ዘመን?" እያለ ይጠይቃል። አባባ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። የእሳቸው ቃል ዛሬ በሞዴሉ ውስጥ ከየእንጨቱ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። ይህን አይቼ ብቻ ልቤ ወደደው።

ማሽኑን ይዞ ሲመለስ ግቢውን ባዶ አስደረገ፤ ዘበኛውንም ጭምር። ኮርኒሱን አንድ ቦታ አስከፍቶ በመሰላል ወጣና ጣሪያው ውስጥም ለካ። አቧራ ለብሶ ሲወርድ ልጄን መሰለኝ፤ እሱም ከእንጨት ቤት እንዲህ ሆኖ ነበር የሚመለሰው። ውጭ ደግሞ ከአዳራሹ ራቅ ያሉ፣ የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ላይ ምልክቶች ተከለ። ለምን ግድግዳው ላይ አትተክልም አልኩት። "እትዬ፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ምልክቱም አብሮ ይሄዳል፤ በምን እናውቃለን?" አለኝ።

እንግዲህ የማልረሳትን ላውራ። ውጤቱን ሊያሳየን ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ኩርፍ ብለዋል። ማሽን አንዴ ጉድ ሠርቶናላ። አልተከራከራቸውም። ከአባባ ቱንቢ ተዋሰ። "አንቱ ይለኩት፣ እኔ አልነካውም" አላቸው። አባባ መሰላል አስደግፈው ቱንቢውን ከሰሜኑ ግድግዳ ራስጌ በውጭ በኩል ለቀቁት። ክሩ እስኪረጋ ሁላችንም ዝም አልን። ከክሩ እስከ ግድግዳው ግርጌ በሜትር ተለካ፤ 7 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ሞዴሉን ልክ በዚያው ቦታ ከላይ እስከ ታች ቆረጠውና ቁጥሩን አሳያቸው። 7 ይላል። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። "አብሽር ልጄ" አሉት። ወሎ ላይ ከዚህ በላይ ምን ምርቃት አለ?

ቀጥሎ የድሮውን ሞዴል በራሱ ስካን ላይ አለበሰው። ሞዴሉ ከእውነተኛው ቤት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲርቅ ቀይ፣ ካልራቀ አረንጓዴ እንዲሆን አደረገ። አዳራሹ ቀልቶ ቀረ! የራሱን ሲያለብስ አብዛኛው አረንጓዴ ነው። ቀይ የቀሩትን አልደበቀም። "እዚህ ቁም ሳጥን ጋርዶኛል፣ እዚህ ቆርቆሮው እያንጸባረቀ ነጥቡን አበላሽቶብኛል" እያለ አንድ በአንድ አሳየን።

ሌላው ያመንኩበት ምክንያት ይህ ነው። ሌዘር የሚለካው የሚያየውን ብቻ ነው። ከልስኑ ስር ያለውን አያውቅም፤ መሠረቱንም አያውቅም። ልጁ በሞዴሉ ውስጥ እያንዳንዱን ነገር "የተለካ"፣ "ሰው የነገረኝ" ወይም "የገመትኩት" ብሎ ለይቶታል። የተገመተው ግራጫ ሆኖ ይታያል። ነገ የሚጠግን ሰው ግራጫውን አምኖ እንጨት አይቆርጥም።

እኔ ድንጋዩ ሁሉ አንድ በአንድ ይሳልልን ብዬ ነበር፤ ያምራላ። እምቢ አለ። ፋይሉ ይከብድና ማንም አይከፍተውም፣ የድንጋዩ መልክ ጥሬው ስካን ውስጥ አለላችሁ አለ። በዚህ ተጨማሪ ብር ማግኘት ይችል ነበር እኮ።

ሞዴሉ ለጥገና ምን ይረዳል ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ግድግዳና አሸንዳ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ጋር ተያይዟል። አንድ ቀን ልጁ፣ በሲሚንቶ የተለሰኑና ከአሸንዳ መጋጠሚያ ስር ያሉ ግድግዳዎች የትኞቹ ናቸው ብሎ ሞዴሉን ጠየቀው። ሦስት ወጡ። ሦስቱም እርጥበት የምናማርርባቸው ናቸው! ሲሚንቶ የገባውን ውሃ ያፍናል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሳል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን በሽታ እንደሆነ አባባ ስንት ጊዜ ተናግረዋል፤ የሚሰማቸው አጥተው እንጂ። አሁን ከክረምት በፊት የሚጸዱት አሸንዳዎች በቁጥራቸው ተዘርዝረዋል። ዘበኛችን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ሰንጠረዡ ላይ ቀኑን እሞላለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሶ ከነዚያው ምልክቶች ተነስቶ የሰሜኑን ግድግዳ ለካ። ከበፊቱ ጋር ሲያስተያየው ልዩነቱ ማሽኑ ራሱ ሊሳሳት ከሚችለው አይበልጥም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ኮሚቴው እልል ሊል ነበር። ልጁ ግን አረጋጋን። "በአንድ ክረምት አልወደቀም ማለት አይወድቅም ማለት አይደለም፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ቢንቀሳቀስ እኔ አላየውም" አለ። ስለዚህ ስንጥቁ ላይ ቀጭን ጀሶ አስለጠፈና ቀን ጻፈበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ቶሎ ደውሉልኝ አለ። እስካሁን አልተሰነጠቀም። የማፍረሱም ወሬ ቀርቷል፤ ተመስገን!

ሲያስረክብ ደግሞ ሁሉንም ሰጠን። ጥሬው ስካን በ .e57፣ ሞዴሉ በ .ifc ነው። ምን ማለት እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ነገ እሱ ባይኖር ወይም ሶፍትዌሩ ቢቀየር ሌላ ባለሙያ ሊከፍተው እንደሚችል ነው። ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ከፍተን እስክናይ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ አልቀበልም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

ስለዚህ መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ የአያት ቤትም ቢሆን፣ ከማስለካታችሁ በፊት ደውሉለት። ሌላ ሰው ብትቀጥሩ እንኳን ጥሬውን ስካን እንደሚያስረክባችሁ ውል ላይ አጽፉ፤ ሞዴሉንም በስካኑ ላይ አልብሶ ቀዩን ያሳያችሁ። ልጁ ከጥቅምት ጀምሮ ይያዛል፤ ክረምት ላይ ሥራ አይበዛበትም መሰለኝ። ቁጥሩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።