ያወራነው ጽሑፍ ሆኖ የት ይገኛል? ያገለገለ ፒክስል ወይስ ርካሽ ስልክ ከነጻ አፕ ጋር

ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ቃለ መጠይቅ የሚሠሩ የጅማ ተማሪዎችም፣ ቡና የሚሰበስቡ ወዳጆቼም አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፦ «ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ስልክ ልገዛ ነው፤ ፒክስል ነው ይሉኛል፣ ልግዛ?» የምትነጋገሩት በአማርኛ ከሆነ አትግዙ። ምክንያቱን ከዋጋው ልጀምር።

እዚሁ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያገለገለ ፒክስል 6 ጠይቄ 28 ሺህ ብር ብለውኛል፤ ተከራክሬ 26 ሺህ ድረስ ወርደዋል። እዚያው መደርደሪያ ላይ አዲስ፣ ዋስትና ያለው ርካሽ አንድሮይድ በ14 ሺህ ነበረ። ልዩነቱ 12 ሺህ ብር ነው። ይህ 12 ሺህ ምን ይገዛል?

ለዚህ ሥራ ፒክስልን የሚያስመርጠው Recorder የሚባለው አፑ ነው። ከ2019 ጀምሮ፣ ከፒክስል 4 ጋር የመጣ ነው፤ ድምፁን እየቀዳ እዚያው ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት ጽሑፍ ያደርገዋል። አቀማመጡ በእርግጥ ያስቀናል። ድምፁና ጽሑፉ አንድ ላይ ናቸው፣ እናንተ እስክታጠፉት ይቆያሉ፤ ከወራት በኋላ አንድ ቃል ስትፈልጉ የተነገረበትን ቦታ አውጥቶ ከዚያው ያጫውትላችኋል። ምትኬውን ካበራችሁ ደግሞ በኮምፒውተር recorder.google.com ላይ በአካውንታችሁ ገብታችሁ ታገኙታላችሁ።

ችግሩ አማርኛ አለመጻፉ ነው። ድምፁን ይቀዳል፤ ጽሑፉ ግን ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ቃላት ክምር ይሆናል። ክምሩ ውስጥ ደግሞ ምንም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ሻጩ «ይጽፋል» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ክፈቱትና እዚያው ቆማችሁ አንድ ደቂቃ በአማርኛ አውሩ። ስብሰባችሁ ሁሌ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ እሺ፣ ፒክስሉ ዋጋውን ያወጣል።

ጥገናውም አለ። የርካሹ ስልክ ስክሪን ቢሰበር ጅማ ላይ በዚያው ቀን ይቀየራል። የፒክስል ስክሪን ግን ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፤ ትጠብቃላችሁ፣ የመጣው ኮፒ ሆኖ ሲነካ የማይሰማ ሊሆንም ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ጠጋኙ ሳይጠይቅ ስልኩን ሪሴት ማድረጉ ነው። ምትኬ ያልበራለት ቅጂ በዚያች ቅጽበት ከነጽሑፉ ይጠፋል። የትኛውንም ስልክ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ጽሑፉን አውጡ።

እኔ የምመርጠው ርካሹን አንድሮይድ ከ Live Transcribe ጋር ነው። አፑ የጎግል ነው፣ በነጻ ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል፣ አማርኛም ይጽፋል። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ታስቦ ስለተሠራ ሥራው እንደ መቅጃ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ድምፅ አያስቀምጥም፤ የሚይዘው ጽሑፉን ብቻ ነው፣ እሱንም ስልኩ ላይ ለ3 ቀን። ለዚያውም በአፑ ማስተካከያ ውስጥ የጽሑፍ ማስቀመጫውን አስቀድማችሁ ስታበሩት ነው። ካበራችሁት የቆየውን ንግግር በቃል መፈለግም ትችላላችሁ። 3ኛው ቀን ሲያልፍ ግን ከጎግልም ከስልኩም የምታመጡት ነገር የለም። ሰኞ ያወራችሁትን ቅዳሜ ብትፈልጉ ባዶ ነው።

ድምፁስ? በዚያው ስልክ የድምፅ መቅጃውንም አብሮ መክፈት አይሠራም። አንድሮይድ ማይክሮፎኑን ለሁለት ተራ አፖች በአንድ ጊዜ ስለማይሰጥ አንደኛው ዝምታን ሲቀዳ ይቆያል፤ ይህን የምታውቁት ደግሞ ቤት ገብታችሁ ስታዳምጡ ነው። መፍትሔው መሳቢያ ውስጥ የተኛው አሮጌ ስልካችሁ ነው። እሱ ድምፅ ይቅዳ፣ አዲሱ ይጻፍ። አሮጌ ከሌላችሁ 4 ሺህ ብር ገደማ የሚሸጥ ያገለገለ ይበቃል፤ ሁለቱ ተደምረው 18 ሺህ ቢሆኑ አሁንም ከፒክስሉ 8 ሺህ ይቀራችኋል።

አንድ ወዳጄ ከአጋሮ በኩል እሸት ቡና ይሰበስባል። ከአንድ አቅራቢ ጋር በዋጋና በማድረሻ ቀን ሲስማሙ፣ ሰውየውን አስፈቅዶ ሁለቱንም ስልኮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ንግግሩ እንዳለቀ ጽሑፉን ጣቱን አስረዝሞ በመጫን መረጠና ኮፒ አድርጎ በጎግል ዶክስ አዲስ ገጽ ላይ ለጠፈ። ርዕሱን «2017-02-14 አጋሮ እሸት ቡና» አለው። በአሮጌው ስልክ ያለውን የድምፅ ፋይልም በዚሁ ስም ሰየመው። ዓመቱን አስቀድሞ፣ ወሩንና ቀኑን በሁለት በሁለት አኃዝ ስለሚጽፍ ፋይሎቹ ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ጽሑፉ ውስጥ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ በዚያው ስም ያለውን ድምፅ ከፍቶ ያስተካክላል።

ከሁለት ወር በኋላ ስለ መጋዘን የተባለውን ፈልጎ «መጋዘን» ብሎ ሲጽፍ ምንም አልወጣለትም። ሰውየው ያለው «መጋዘኑ» ነበር። በላቲን ፊደል ቢሆን ቅጥያው ከኋላ ይጨመር ነበር፤ በእኛ ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣልና «ን» «ኑ» ሲሆን ፍለጋው ያልፈዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ፊደል ትታችሁ «መጋዘ» ብላችሁ ፈልጉ። ሞክሼ ፊደላትም እንዲሁ ናቸው፦ አፑ «ጸሐፊ» ብሎ የጻፈውን «ፀሀፊ» ብላችሁ አታገኙትም፤ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ሞክሩ። ዋጋ ስትፈልጉ ደግሞ አንዴ በአኃዝ፣ አንዴ በፊደል ፈልጉ፤ አንዱ ቦታ «60»፣ ሌላው ቦታ «ስድሳ» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ወዳጄ አሁን ኮፒ እንዳደረገ ከገጹ አናት ላይ የሰውየውን ስም፣ ዋጋውንና ቀኑን በራሱ አጻጻፍ በአንድ መስመር ይጽፋል። ፍለጋው ሁሌ የሚያርፈው እዚያ መስመር ላይ ነው።

«ድምፅ ወደ ጽሑፍ» ተብለው ስለሚሸጡት ትናንሽ መቅጃዎች ብዙ አልልም። ያየኋቸው ሁሉ ድምፅ ብቻ የሚቀዱ ነበሩ። ይባስ ብሎ 64 ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት ሚሞሪ እውነተኛ መጠኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን አይጫወትም። የግድ የምትገዙ ከሆነ በረጃጅም ፋይሎች እስኪሞላ ሙሉትና የመጨረሻውን ከፍታችሁ አጫውቱ።

የእኔ ምርጫም ጉድለት አለው። አማርኛውን የሚጽፈው በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ በጽሑፉ መካከል ክፍተት ይቀራል። በጅማ ደግሞ ንግግር ሳይታሰብ ወደ አፋን ኦሮሞ ይሻገራል፤ አፑ አማርኛ ላይ ከተቀመጠ ያንን ክፍል ወስዶ የሌለ አማርኛ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ስታገኙ የአሮጌውን ስልክ ድምፅ ሰምታችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ ያ የሚቀለው ግን ንግግሩ ሲሻገር ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጫር ካደረጋችሁ ነው።