ቁልቁለት ላይ ለሚቆም ምሰሶ፦ አንጎላሬ፣ ባለ 60 ቱቦላሬ ወይስ ባለ 80 ቱቦላሬ?

ደሴ ላይ ከቁልቁለት በረንዳ የሚያወጣ ሰው፣ በዳገቱ በኩል 1 ሜትር፣ በገደሉ በኩል ደግሞ 3 ሜትር የሚሆን ምሰሶ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ዓይነት ብረት ይገዛል። ሁለቱ ምሰሶዎች ግን የሚሰበሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ የሚሻላቸውም ብረት ይለያያል።

እዚህ የምናነጻጽራቸው ሦስት ብረቶች ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። 60 በ60 በ6 ሚሊ አንጎላሬ በ6 ሜትር ዘንግ 32.5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 60 በ60 በ3 ሚሊ ቱቦላሬ 31 ኪሎ፤ 80 በ80 በ2 ሚሊ ቱቦላሬ 29 ኪሎ። በኪሎ ከተገዙ የዋጋቸው ልዩነት ትንሽ ነው።

የሚለያያቸው ብረቱ ከመሐሉ ርቆ የተበተነበት መጠን ነው። መሐንዲሶች ይህን i ብለው በሚሊሜትር ይለኩታል፦ ለአንጎላሬው 11.7 (በደካማው፣ በሰያፉ አቅጣጫ)፣ ለባለ 60ው 23፣ ለባለ 80ው 31.6 ገደማ። የምሰሶው ቁመት በዚህ ቁጥር ሲካፈል የቅጥነት ምጣኔው ይገኛል።

```
λ = K · L / i
```

L ቁመቱ ነው። K ጫፎቹ እንዴት እንደተያዙ ያሳያል፤ ላይና ታች ከቦታው የማይንሸራተት ምሰሶ 1 ይያዝለት። ለተራ ብረት (235 ሜጋፓስካል) ድንበሩ 94 አካባቢ ነው። ከዚያ በብዙ ያነሰ ምሰሶ ብረቱ ራሱ እስኪጨፈለቅ ይሸከማል፤ ከዚያ በብዙ የበለጠ ደግሞ ብረቱ ሳይደክም ወደ ጎን ይጎብጣል።

ጫናው ልክ በመሐል ሲያርፍ፣ K 1 ሆኖ፣ በአውሮፓ የብረት ግንባታ ደንብ በዩሮኮድ 3 ቀመር እስከ መውደቂያቸው የሚሸከሙት ይህን ያህል ነው፦

| ብረት | λ በ3 ሜትር | አቅም በ3 ሜትር | አቅም በ1 ሜትር |
|---|---|---|---|
| አንጎላሬ 60×6 | 256 | 2 ቶን | 10.8 ቶን |
| ቱቦላሬ 60×3 | 130 | 5.6 ቶን | 13.7 ቶን |
| ቱቦላሬ 80×2 | 95 | 7.9 ቶን | 13.7 ቶን |

እነዚህ የመውደቂያ ቁጥሮች ናቸው፤ ለሥራ ቢያንስ በ1.5 ይካፈሉ።

በ1 ሜትር ሁለቱ ቱቦላሬዎች እኩል ናቸው፤ እዚያ የሚከፈለው ለኪሎ ነው። በ3 ሜትር ባለ 80ው ቀለል ብሎም ይበልጣል፤ እዚያ የሚከፈለው ለስፋት ነው። አንጎላሬው በ3 ሜትር ወድቋል። «ጠንካራ ብረት ነው» ተብሎ በውድ ቢሸጥም ለረጅሙ አንጎላሬ ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ በዚህ ቅጥነት ጉብጠቱን የሚወስነው የብረቱ ግትርነት እንጂ ጥንካሬው አይደለም፣ ግትርነት ደግሞ በሁሉም ብረት ያው ነው።

ተንኮሉ ያለው በአጭሩና በቀጭኑ መካከል፣ ድንበሩ አካባቢ ነው። ባለ 80ውን ተመልከቱ፦ በ1744 የወጣው የኦይለር የጉብጠት ቀመር 14.4 ቶን ይላል፤ ዘንጉ ሲቆረጥ የሚታየው የብረት ገጽ ስፋት በጥንካሬው ሲባዛ ደግሞ 14.7 ቶን ይሰጣል። ሁለቱ ስለተስማሙ ሰው ያምናቸዋል። በተግባር ግን 7.9 ቶን ብቻ ነው። ዘንጉ ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ ጎብጧል፣ ሲታጠፍና ሲበየድም ውስጡ ውጥረት ቀርቷል። ጫናው ሲመጣ በጉብጠቱ ውስጠኛ ጎን ያለው ብረት ቀድሞ ይለሰልሳል፣ የቀረው ግትርነት ይቀንሳል፣ ምሰሶው ይሄዳል። ይህ ቅነሳ እጅግ የሚጎዳው ሁለቱ ቀመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ነው፤ በጣም አጭርና በጣም ቀጭን ምሰሶ ላይ ያንሳል።

ስለዚህ ለገደሉ በኩል ባለ 80ው፣ ለዳገቱ በኩል ባለ 60ው ይሻላል። ባለ 2 ሚሊው ግን ብየዳ በቀላሉ ይበሳዋል፣ ዝገትም ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ውሃ የሚቋጥር ቦታ ላይ 80 በ80 በ3 ይወሰድ። አጭሩን ምሰሶ ደግሞ አትናቁት፦ በተመሳሳይ ብረትና አያያዝ ከ3 ሜትሩ 27 እጥፍ ግትር ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ የጎን ግፊቱን የሚስበው እሱ ነው።

K ላይ መሳሳት ከሁሉም ይከፋል። ምሰሶው ከታች በኮንክሪት ተቀብሮ ላዩ በሰያፍ ብረት ካልታሰረ፣ መወዛወዝ ስለሚችል K 2 ይሆናል። ያኔ ባለ 80ው ከ7.9 ወደ 2.8 ቶን ይወርዳል። አግዳሚው በምሰሶው ጎን ላይ ተበይዶ ጫናው ከመሐል ከወጣም ሠንጠረዡ አይሠራም፤ ላዩ ላይ ላሜራ ይበየድና አግዳሚው መሐሉ ላይ ይቀመጥ።

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ስትገዙ ዘንጉን አስመዝኑ። «ባለ 3» የተባለው 60 በ60 በ6 ሜትር 26 ኪሎ ከሆነ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ነው። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩበት፤ መሐሉ ላይ ከ9 ሚሊ በላይ ክፍተት ካሳየ ያንን ዘንግ መልሱ።