ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ፣ «በአማካይ በወር 10 በመቶ» ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትሰጡ

ሰሞኑን ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ «ብራችሁን ፎሬክስ በሚሉት የውጭ ምንዛሪ ንግድ ላይ ላንቀሳቅስላችሁ» እያለ የሚዞር ልጅ አለ። ታክሲ መያዣው ጋ ካለችው ቡና ቤት ቁጭ ብሎ አንዲት ወረቀት ያድላል። አናቷ ላይ በትልቁ «አማካይ ትርፍ በወር 10%» ይላል፤ ከስር በደቃቃ ፊደል የአምስት ወር ውጤት ተደርድሯል፦ ሲደመር 20፣ ሲደመር 25፣ ሲቀነስ 70፣ ሲደመር 40፣ ሲደመር 35።

አማካዩን አልዋሸም። ደምራችሁ ለአምስት ብታካፍሉት 10 ይመጣል። ግን እስቲ 100 ሺህ ብር አስገቡና ተከተሉት። መጀመሪያ 120 ሺህ ይሆናል፣ ቀጥሎ 150 ሺህ። በሦስተኛው ወር 70 በመቶው ይሄድና 45 ሺህ ትቀራለች። ከዚያ 63 ሺህ፣ መጨረሻ ላይ 85,050 ብር። በወር «በአማካይ 10 እያተረፋችሁ» ወደ 15 ሺህ ብር ከስራችኋል ማለት ነው፣ ያውም ኮሚሽኑ ሳይነካው።

ስጠይቀው «70 ወርዶ 75 ወጥቷል እኮ፣ እንዲያውም አልፎታል» አለኝ። ማጭበርበሪያው እዚህ ላይ ነው። 70ው የተቆረጠው ከ150 ሺው ነው፣ 75ቱ ግን የተሰላው በተረፈችው ትንሽ ብር ላይ ነው። 45 ሺውን ወደ 150 ሺህ ለመመለስ 105 ሺህ ብር ማትረፍ ያስፈልጋል፤ ይሄ ደግሞ 233 በመቶ ነው! በየወሩ ሳይስት 10 በመቶ ቢያተርፍ እንኳ 13 ወር ይፈጅበታል።

ከጣሪያው እስከ ወለሉ ያለውን ይህን ትልቁን ውድቀት ነጋዴዎቹ ማክሲመም ድሮውዳውን ይሉታል። የጠፋውን ለመመለስ ስንት በመቶ ትርፍ እንደሚያስፈልግ ማስላት ቀላል ነው፤ የጠፋውን ለቀረው ታካፍላላችሁ። 10 በመቶ ከጠፋ 11 ገደማ ይመልሰዋል፣ ብዙም አያስጨንቅም። 50 ከጠፋ 100 ያስፈልጋል። 90 ከጠፋ 900፣ በቃ እሱን እርሱት።

ኮሚሽኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ትርፍ ካለበት ወር ሁሉ 30 በመቶ ይወስዳል። በአራተኛው ወር 45 ሺው 63 ሺህ ሲሆን «18 ሺህ አተረፍኩ» ብሎ 5,400 ይቆርጣል፣ ያስገባችሁት 100 ሺህ ገና ሳይመለስ። ትክክለኛው አሠራር ሒሳቡ የቀድሞውን ጣሪያ እስኪያልፍ ኮሚሽን አለመንካት ነው። ውል ላይ ይህን ጻፍልኝ በሉት።

ስልኩን ከፍቶ ካሳያችሁም Balance የሚለውን ብቻ አትዩ። እሱ የሚቆጥረው የተዘጉ ንግዶችን ነው፤ ገና ክፍት ያሉት ኪሳራዎች የሚታዩት Equity ላይ ነው። Equity ከ Balance በጣም ካነሰ ወረቀቷ ላይ ያልሰፈረ ኪሳራ አለ። እኔ አሳየኝ ስለው «ኔትወርክ የለም» አለ፤ ቴሌግራሙ ግን እየሠራ ነበር።