ኒያሲን፦ ፊት የሚያቀላው ወይስ የማያቀላው?

የደም ስብ ለመቀነስ ስለሚወሰደው ቫይታሚን ቢ3፣ ስለ ኒያሲን፣ «የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ልጻፈው። መልሴ ፊት የሚያቀላው ተራው ኒያሲን ነው፤ እሱም ሐኪም ካዘዘ ብቻ።

አባቴ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን ጡንቻውን እያመመው አቆመ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስቡ 310 ሆነ። ሐኪሙ ኒያሲን ሲለው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ከአንድ ፋርማሲ ገዛሁ። ተራው 1,900 ብር፣ «ፊት አያቀላም» የሚለው 3,200 ብር። ውዱ ይሻላል ብዬ ወሰድኩ። ሦስት ወር ዋጠው፣ ፊቱም አልቀላም። ምርመራው ሲመጣ 304። ብሬ ተቃጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስብ ሴሎቻችን ያከማቹትን ስብ እየፈቱ ፋቲ አሲድ ወደ ደም ይለቃሉ። ጉበት ያንን ተቀብሎ ትራይግሊሰራይድ ይሠራበታል። ኒያሲን የስብ ሴሉ ላይ ካለች አንዲት ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ሴሉ ስቡን መፍታት ይቀንሳል፣ ጉበትም ጥሬ ዕቃ ያጥረዋል። ይህ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ኒያሲን ጉበት ውስጥም ሌላ ሥራ ስላለው ስብ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ብቻ አይደለም።

ያቺው ተቀባይ ግን ቆዳችን ውስጥ ባሉ ሴሎችም ላይ አለች። እዚያ ስትነካ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ይለቀቃል፣ የቆዳ ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያሳክካል። አለርጂ አይደለም። አስፕሪን ቀድሞ ሲወሰድ የሚያቀልለውም ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይሠራ ስለሚከለክል ነው፤ ጨጓራ ያለበት ግን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

አሁን ወደ ብልቃጦቹ። «አያቀላም» የሚለው ብዙ ጊዜ ኢኖሲቶል ሄክሳኒኮቲኔት ነው። ወደ ደም የሚለቀው ኒያሲን በጣም ትንሽ ስለሆነ ቆዳውንም ስቡንም አይነካም። ኒያሲናማይድ ደግሞ ቫይታሚንነቱ ያው ቢሆንም ያቺን ተቀባይ አይነካትም፤ ፊት አያቀላም፣ ስብም አይቀንስም። ሁለቱም ላይ «ቫይታሚን ቢ3» ተብሎ ስለሚጻፍ ሻጩም ይሳሳታል። ጀርባውን አዙራችሁ የተራው ኒያሲን ሌላ ስም የሆነውን «ኒኮቲኒክ አሲድ» የሚለውን ፈልጉ። ማሸጊያው የተነካ ከሆነ መልሱት። በቀስታ የሚለቀቀውን በርካሽ አግኝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ ጉበት ይጎዳል።

ስታቲን የሚስማማው ሰው ኒያሲን ልጨምር ካለኝ አትጨምር እለዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2014 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ስታቲን ላይ ሲጨመር ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል።

አባቴ ወደ ተራው ዞረ። የመጀመሪያው ማታ ከዋጠ 20 ደቂቃ በኋላ ጆሮው ቲማቲም መሰለ፣ እናቴ ደንግጣ ውሃ አመጣች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀው። ትኩስ ቡናው እንደሚያባብሰው ገባንና አሁን ከራት ጋር ይውጠዋል፣ ቡናውን ቀድሞ ይጠጣል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ እያለ ከፍ አደረገለት፣ ጉበቱንና ስኳሩን እያስመረመረ። በአራተኛው ወር ትራይግሊሰራይዱ 215 ገባ።