ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ወይስ ስታርክራፍት 2? ኢኮኖሚ መገንባት ለሚማር ጀማሪ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ታናሽ ወንድሜ በቀደም ላፕቶፑን ይዞ መጣና "የስትራቴጂ ጌም ልጀምር ነው፣ የትኛውን ልያዝ?" አለኝ። ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ተጫውቻለሁ። ለጀማሪ የሚለያዩት በጦርነቱ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው። ምን ከምን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስነውን ቅደም ተከተል፣ ቢልድ ኦርደር የሚሉትን፣ የሚያስተምሩበት መንገድ ለየቅል ነው።

ከኤጅ ልጀምር። አብዛኛውን ጊዜ 3 ቪሌጀር የሚባሉ ሠራተኞች፣ አካባቢውን የሚያስስ አንድ ስካውት፣ 200 ምግብና 200 እንጨት ይዛችሁ ትነሳላችሁ። አንድ ቪሌጀር 50 ምግብ ይበላል፣ ለመውጣት ደግሞ 25 ሰከንድ ይፈጃል። ወደ ቀጣዩ ዘመን፣ ፊውዳል ወደሚባለው፣ ለመሻገር 500 ምግብ ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚመከረው ሕዝባችሁ 21 ሲሞላ መሻገር ነው። ስካውቱን ቀንሱ፣ 20 ቪሌጀር ማለት ነው። ስለዚህ 17 አዳዲስ ታወጣላችሁ፤ ይህ 850 ምግብ ነው። መሻገሪያውን 500 ስትጨምሩ 1350 ይሆናል። ከያዛችሁት 200 በቀር 1150 መሰብሰብ አለባችሁ።

አረቢያ በሚባለው ካርታ ላይ 8 በጎች አሉ። እያንዳንዱ 100 ምግብ ነው፣ በድምሩ 800። አይበቃም። ሁለት የዱር አሳማዎች ያሉት ለዚህ ነው፣ እያንዳንዳቸው 340 ምግብ አላቸው። ቁጥቋጦ ላይ ፍሬ የሚለቅሙ 4 ሰዎች ደግሞ ምግቡን ያፋጥናሉ። በጎቹን በአንድ ጊዜ አትረዱ፤ የታረደ ሥጋ ቀስ እያለ ይበሰብሳል። አንዱን ቪሌጀር ከሚወጣበት ዋናው ህንፃ፣ ከታውን ሴንተሩ ሥር አርዳችሁ ጨርሱና ወደ ሌላው እለፉ። አሳማውን የሚያመጣው አንድ ቪሌጀር ነው። ወግቶት ወደ ታውን ሴንተሩ ይሮጣል፣ እዚያ በግ የሚያርዱት ጓደኞቹ ይቀበሉታል። ወንድሜ የመጀመሪያውን ቀን ሮጦ የሚመለሰውን ረስቶ ሌላ ሥራ ሲያይ አሳማው ገደለበት። ሉም የሚባለውን ማሻሻያ በ50 ወርቅ ቀድሞ ቢያሠራ ኖሮ ሰውየው የበለጠ ይቋቋም ነበር።

ኤጅን የምወደው ስህተታችሁን በሰዓት ስለሚነግራችሁ ነው። 17 ቪሌጀር በ25 ሰከንድ ሲባዛ 425 ሰከንድ ነው። ሉም ሌላ 25 ሰከንድ ይጨምራል። ታውን ሴንተሩ አንዴም ካልቆመ መሻገሪያውን የምትጫኑት 7:30 ላይ ነው። 9:00 ላይ ከተጫናችሁ ታውን ሴንተሩ 90 ሰከንድ ሥራ ፈትቷል፤ ከሦስት በላይ ሰው አጥታችኋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቤት አለመሥራት ነው። ቤት 25 እንጨት ብቻ ነው፣ የሚይዘውም 5 ሰው።

ስታርክራፍት 2 ሌላ ነገር ነው። ከ2015 ወዲህ በ12 ሠራተኛ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ በግ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም። ቴራን በሚባለው ወገን ብትጫወቱ አንድ ሠራተኛ 50 ሚነራል ነው፣ 12 ሰከንድ ይፈጃል። የሕዝብ ጣሪያው 15 ስለሆነ 14 ስትደርሱ፣ በግምት 0:18 ላይ፣ ጣሪያውን ከፍ የሚያደርገውን ህንፃ፣ ሰፕላይ ዲፖን፣ መጀመር አለባችሁ። ዲፖው 21 ሰከንድ ይወስዳል። ሩብ ደቂቃ ብትዘገዩ ምርቱ ይቆማል፣ ከአንድ በላይ ሠራተኛም ያመልጣችኋል። በአንድ ቤዝ 8 የሚነራል ክምር አለ፤ 16 ሠራተኛ ይበቃዋል። ከህንፃው በላይ 16/16 ሲል ስታዩ ሁለተኛ ቤዝ የመክፈቻ ጊዜ ደርሷል። ይህ ግልጽነቱ ግሩም ነው። ፍጥነቱ ግን ጀማሪን ያዋክባል፣ ለምን እንደተሸነፈ ሳይገባው ጨዋታው ያልቃል።

ወደ ኪስ እንምጣ። ስታርክራፍት ከ2017 ጀምሮ ዋናው ክፍል በነጻ ነው። የመጀመሪያው ዘመቻም ከሰው ጋር መጫወትም ተካቷል። ኤጅ ይገዛል፣ ለመክፈልም ውጭ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ጌም በሚሸጥበት ስቲም ላይ ቅናሽ ስለሚኖር መጠበቅ ያዋጣል። ሁለቱም ሲወርዱ ብዙ ጊጋ ይፈልጋሉ፤ ዳታ የምትቆጥሩ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ሄዳችሁ አውርዱ።

እዚህ ዳር አካባቢ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ስታርክራፍት ላይ ከሰው ጋር እየተጫወታችሁ ከሆነ እዚያው ላይ አበቃ። ኤጅ ግን በስቲም ኦፍላይን ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታችኋል፤ ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ትቀጥላላችሁ። አርት ኦፍ ዋር የሚባለው ክፍልም አለው፤ የመጀመሪያውን ኢኮኖሚ በሜዳሊያ እየመዘነ ያለማምዳል።

ስለዚህ ኢንተርኔታችሁ የማይቋረጥ ከሆነና ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ስታርክራፍትን ሞክሩ። ለሌላው ጀማሪ ሁሉ፣ በተለይ እንደኛ ዳር ለሚኖር፣ ምርጫዬ ኤጅ ነው። ወንድሜም እሱን ገዛ። ባለፈው ቅዳሜ መሻገሪያውን 8:20 ላይ ተጫነ። 50 ሰከንድ የት እንደጠፋ አብረን አየን፦ ሁለተኛውን አሳማ ሲያመጣ ዓይኑ እሱ ላይ ብቻ ነበር፣ H ተጭኖ ወደ ታውን ሴንተሩ ተመልሶ ሁለት ቪሌጀር ማዘዝ ረስቶ ነበር።