ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፦ አራት ኪሎ ያሉ አስጠኚ

ልጄን ለብሔራዊ ፈተና ያዘጋጇትን መምህር ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁም ነው። የሚያስጠኑት አራት ኪሎ፣ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብዙም ሳይርቅ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ በደንብ የሚያስረዳ ሰው ሌላም አይጠፋም። እኔን የገረመኝ የቀን አቆጣጠራቸው ነው።

ቆጠራው የሚያልቀው ፈተናው በሚጀምርበት ቀን አይደለም፤ ልጆቹ ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ፣ ከገቡ በኋላ የሚጠናውን እንደ ጥናት አይቆጥሩትም። ከዚያ ወደ ኋላ 10 ቀን ለአሮጌ ፈተናዎች ይዘጋል። እሁድም ባዶ ይተዋል። የቀሩት ምዕራፎች ለቀሩት ቀናት ይካፈላሉ። እንደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያለ ከባድ ምዕራፍ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ለልጄ በቀን ሁለት ደረሳት።

ምዕራፍ አለቀ የሚባለው አንብባ ስትጨርስ አይደለም። በማግስቱ ደብተር ዘግታ 10 ጥያቄ ትሠራለች። ከ7 በታች ካመጣች ምዕራፉ ተመልሶ ወረፋ ይይዛል። በዚህ የተነሳ ሒሳቡ ማታ ማታ እንደገና ይሠራል።

መሀል ላይ ጉንፋን ሦስት ቀን አስተኛት። 40 ምዕራፍ ቀርቷታል፣ ያላት የሥራ ቀን ደግሞ 17 ብቻ። እኔ ‹‹በቀን ሦስት ታድርገው፣ ሌሊትም ትነሳ›› አልኳቸው። መምህሩ ‹‹አይሆንም እመቤቴ፣ እንቅልፍ ከቀነሰች የትናንቱም ይጠፋታል›› አሉኝ። በቀን ሁለቱን አልነኩትም፤ 34 በዚያ ያልቃል። ከተረፉት 6 ውስጥ አራቱን በሁለት እሁዶች ላይ አደረጉ። እሁድ ባዶ የተተወው ለካ ለዚህ ነው! የቀሩት ሁለቱ የ9ኛ ክፍል ምዕራፎች ነበሩ። እነሱን ማንበብ ቀርቶ ጥያቄዎቻቸውን ብቻ እንድትሠራ ፈረዱ።

በመጨረሻዎቹ 10 ቀናት አዲስ ምዕራፍ የለም። ጠዋት አንድ አሮጌ ፈተና፣ ሰዓት ተይዞ። ከሰዓት የተሳሳተችውን ብቻ። መግቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ጥናቱ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ፤ የምታየውም የስህተት ደብተሯን ብቻ። እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔ ነበርኩ የጨነቀኝ፣ እሷ ደህና ተኝታ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሁለት ሳምንት ሲቀር ልጅ ይዞ ለሚመጣ ወላጅ ሙሉ መጽሐፉን እንደሚያስጨርሱ ቃል አይገቡም። ብዙ ጥያቄ የሚወጣባቸውን መርጠው ሌላውን ይተዉታል። ቤት ድረስም አይመጡም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የልጁን መጻሕፍትና የቅርብ የሞዴል ፈተና ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።